ከመንገዱ ማዶ የሚቀመጡ ልጆች

ማክሰኞን የፈራሁትን ያህል በሕይወቴ የፈራሁት ነገር የለም። በካቺሲ ገደል አፋፍ ላይ ከብት ጠብቄያለሁ፣ በክረምት ወንዝ ተሻግሬያለሁ፣ እንደ ማክሰኞ ግን ያስፈራኝ አልነበረም። ሰኞ ምሳዬን እንኳ ሳልጨርስ ነገን አስባለሁ።

ማክሰኞ የአቀበት ቀን ነው። ከአምቦ ወደ ወንጪ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ቤቶቹ አልቀው ባሕር ዛፉ የሚጀምርበት ቦታ ተሰልፈን እንጠብቃለን። የአትሌቲክስ ፕሮጀክታችን አሰልጣኝ፣ ሁላችንም ኮች የምንለው ሰውዬ፣ ፊሽካውን ሲነፋ አንዷ የአንዷን ተረከዝ እያየች በአንድ መስመር ሽቅብ እንሮጣለን። እላይ ደርሰን በሶምሶማ እንወርዳለን፣ እንደገና እንወጣለን። ከመስመሩ ወደ ኋላ የቀረች ልጅ "ተቆረጠች" ትባላለች። የኮች ሕግ ደግሞ አጭር ነበር፦ ያለ ምክንያት ሦስት ጊዜ የተቆረጠች ለማጣሪያ አትቀርብም።

ማጣሪያው ሁሉ ነገራችን ነበር። የክለብ ሰዎች መጥተው አምቦ ስታዲየም ያሯሩጡናል፣ የሚፈልጉትን ይዘው ይሄዳሉ። የተያዘች መኝታ፣ ምግብና ደሞዝ አላት። ያልተያዘች ፌስታሏን አንጠልጥላ ወደ መጣችበት ትመለሳለች። አባቴ ወደ አምቦ ሲሸኘኝ "አንድ ዓመት ሞክሪ፣ ካልሆነ ግን ቤትሽ እዚሁ ነው" ብሎኛል። ቤቴን እወዳለሁ። ግን ወደ ቤት መመለስና ተሸንፎ መመለስ አንድ አይደለም። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል እኔ ሁለት ጊዜ ተቆርጬ ነበር።

ሁለቱንም ጊዜ ምክንያቱን አውቀዋለሁ። የወር አበባዬ ሊመጣ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው ሰውነቴ የሌላ ሰው ሰውነት ይሆንብኛል። እንቅልፌ ይቆራረጣል፣ ቀለል ያለ ሩጫ ላይ ልቤ ድው ድው ይላል፣ የእሁዱ ረጅም ሩጫ ማክሰኞም ጭኔ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። ሲመጣ ደግሞ ወገቤ ሊቆረጥ ይደርሳል። በዚያ ላይ ይፈስብኛል ብዬ ሁለት ጥቁር ቁምጣ ደርቤ ነው የምሮጠው፣ ሞዴሱ ጭኔን ይልጠዋል። ከሳምንት በኋላ ያው አቀበት ሜዳ ይሆንልኛል። ያው እግር፣ ያው መንገድ! ይህን ለማን ትነግሪዋለሽ? ትምህርት ቤት መምህራችን ስለ ወር አበባ የሚያወራው ምዕራፍ ጋ ሲደርሱ "ይህን ቤታችሁ አንብቡት" ብለው ገጹን ገልብጠው አልፈዋል። ለአንድ ወንድ አሰልጣኝ ከመንገርማ መሬት ብትውጠኝ ይሻለኛል። ሁለተኛ ጊዜ በተቆረጥኩ ዕለት ኮች አጠገቤ መጥቶ "ማል ታቴ፣ ኢንተላ? ምን ሆንሽ?" ሲለኝ "ምንም" አልኩት። እሱም "እንግዲያው ያለ ምክንያት ነው" ብሎ ሄደ። ምንም ማለት ይህን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

አንድ ክፍል ተከራይተን የምንኖረው እኔና አንዲት የጊንጪ ልጅ ነበርን። እሷ ማክሰኞን አትፈራም። ከፊት ነው የምትሮጠው። ስፈራ እያየች ትስቅብኝና "እኔ ተገላግያለሁ" ትለኛለች። የወር አበባዋ ከቀረ ወራት አልፎታል። ይህ እኛ ዘንድ ትልቅ ማዕረግ ነበር። የቀረባት ልጅ ሰውነቷ "ገብቷል" ይባላል፣ እውነተኛ ሯጭ ሆናለች ማለት ነው፤ ሌሎቻችን ገና ጥሬ ነን። የጊንጪዋ ለመቅለል ብላ ጠዋት ግማሽ ዳቦ በሻይ፣ ማታ ትንሽ ሽሮ፣ በቃ። እናቴ ከካቺሲ በሰው የላከችልኝን በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ ስበላ በትዝብት ታየኝ ነበር።

እኔም ከፍርሃቴ ብዛት ጭኮውን ከአልጋ ሥር ደበቅኩት። ጭኮው ሲቀርብኝ የወር አበባዬም ይቀርልኛል ብዬ። አልቀረልኝም። ረሃቡ ተጨመረልኝ እንጂ።

አሁን የእሁዱን ልንገራችሁ። እሁድ ረጅም ሩጫ ነው፤ መጨረሻው ሁልጊዜ አንድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ነው። ኮች ራሱ አጥባቂ ኦርቶዶክስ ስለሆነ ነው እንዲህ ያደረገው። ከኋላችን ውኃና ልብስ ጭና የምትከተለው ባጃጅ እዚያ ትቆማለች፤ ኦርቶዶክሶቹ ልጆች ረጅም ቀሚሳቸውን ከቁምጣቸው በላይ ያጠልቃሉ፣ ነጠላቸውን ይለብሳሉ፣ ገብተው ይሳለማሉ፣ ጸበል ይጠጣሉ። እኔ ጴንጤ ነኝ። እኔና መሰሎቼ፣ አንዲት የጉደር ሙስሊም ልጅም ነበረች፣ ከመንገዱ ማዶ በወደቀ የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ተቀምጠን እንጠብቃቸዋለን። ታዲያ በየእሁዱ ከእነሱም አንዷ ወይም ሁለቷ አይገቡም። የወር አበባ ላይ ያለች ሴት ቅጥሩን አታልፍም። መንገዱን ተሻግራ ትመጣለች፣ እኛ ጠጋ ጠጋ ብለን ቦታ እንለቅላታለን።  

ሌላም የታዘብኩት ነገር ነበር። ማክሰኞ ሲደርስ ኮች አንዳንድ ልጆችን ከመስመሩ ያወጣቸዋል። "አንቺ ዛሬ ከኋላ፣ በራስሽ ፍጥነት፣ ግማሹን ብቻ" ይላል፤ ለምን እንደሆነ አይናገርም። እነሱም ቀስ ብለው ይሠራሉ፣ ያን ቀን ደግሞ ተቆረጡ አይባልም። እነዚህ ልጆች ሁልጊዜ ኦርቶዶክሶች ናቸው። አንድም ቀን እኔን ወይም የጉደሯን ልጅ ብሎ አያውቅም። "አሃ፣ ለገዛ ወገኖቹ ያዳላል" አልኩ በሆዴ። ከዚያ በኋላ ፍርሃቴ ሁለት ሆነ። አቀበቱን እፈራለሁ፣ ሰውየውንም እፈራለሁ። ሰላምታውን እንኳ መሬት እያየሁ ነበር የምመልስለት። ለአምላኬም ከሰስኩት።

የማጣሪያው ወሬ በመጣበት ሰሞን ገላዬ ይሞቅ፣ ጡቴ ይከብደኝ ጀመር። ምልክቶቹን አውቃቸዋለሁ። እሁድ ነው፣ ከነገ ወዲያ ማክሰኞ ነው። ሦስተኛው መቆረጥ ፊት ለፊቴ ቆሟል። የዚያን ዕለት ረጅሙን ሩጫ እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም። ግንዱ ላይ ተቀምጬ በሩን በሩን አያለሁ።

የጊንጪዋ ተሳልማ ስትወጣ አየኋት፤ በግራ እግሯ ታነክሳለች። ቅልጥሟን ሲያማት እንደከረመ አውቃለሁ። ክፍላችን ውስጥ በሙቅ ጨርቅ ስታሸው ሰንብታለች፤ "ለኮች እንዳትነግሪብኝ" ብላ አስምላኛለች። ኮች በሩ ላይ ጠበቃትና ወደ ባጃጁ ጀርባ ጠራት። እሷ ፊቷ አመድ መሰለ። መንገዱን ተሻግራ እጄን ያዘችና "ብቻዬን አልሄድም" አለችኝ። አብሬያት ሄድኩ።

ኮች ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ያሽከረክር ነበር። ትልቅ ሰውዬ ነው፣ ፊሽካው ሲጮህ ተራራ የሚሰማው። ያን ዕለት ግን ድምፁ ጠፍቶበታል።

"የምጠይቅሽ ነገር አያሳፍርም" አላት። "እኔ ግን አፍራለሁ። ስለዚህ መሬት መሬት እያየሁ ነው የምጠይቅሽ፣ አንቺም መሬት እያየሽ መልሺልኝ።"

ሦስታችንም መሬት አየን።

"ከመስቀል ወዲህ አንድም እሁድ ማዶ ተቀምጠሽ አላየሁሽም። ሁልጊዜ ትገቢያለሽ። መጀመሪያ አላስተዋልኩትም፣ አሁን ግን ያስፈራኝ ጀምሯል። ጭራሽ ቀረ?"

"ተገላገልኩ እኮ፣ ኮች" አለች፣ ልትስቅ እየሞከረች።

"ማነው መገላገል ነው ያለሽ?" ቀና አለ። "ሰውነት እኮ የሚበላው ሲያንሰውና ሩጫው ሲበዛበት ቶሎ ከሚያቋርጣቸው ነገሮች አንዱ እሱ ነው። እሱ ሲቆም አጥንትም ይሳሳል። የሚያምሽ የት ጋ ነው? ቅልጥምሽ ላይ ነው?"

ጎንበስ ብሎ በአንድ ጣት የቅልጥሟን አጥንት ነካ አደረገው። ጮኸች። የባጃጁ ሹፌር ዞር ብሎ አየን።

"ነገ ከባለቤቴ ጋር ሆስፒታል ትሄጃለሽ" አላት። "ሌላም ምክንያት ካለው ያዩልሻል። ከዛሬ ጀምሮ ግን ሩጫ የለም።"

የጊንጪዋ ማልቀስ ጀመረች። ትከሻዋን ይዤ ቆምኩ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ጆሮዬ እሷ ጋ አልነበረም። "ከመስቀል ወዲህ አንድም እሁድ ማዶ አላየሁሽም።" ይህን ቃል በሆዴ መላልሼ አልኩት። ሰውዬው እዚያ በር ላይ ቆሞ ያየን ነበር! ማን እንደገባች፣ ማን መንገዱን እንደተሻገረች ያያል፤ አይቶም ማክሰኞን ያቀልላታል። ከአፉ አንድ ቃል ሳይወጣ፣ አንዷንም ሳያሳፍር። ያ ሁሉ አድልዎ ያልኩት ይህ ነው። እኔን ያላየኝ ደግሞ ሁልጊዜ ማዶ ስለምቀመጥ ነው። የኔ ወር ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፣ ግንዱ ላይ።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ይላል የአገሬ ሰው። የኔ በሽታ እንኳ አልነበረም፤ ደብቄ ደብቄ በሽታ አስመሰልኩት እንጂ። የጊንጪዋን ባጃጁ ላይ ካስቀመጥኳት በኋላ ዓይኔን በጨው አጥቤ ወደ ኮች ተመለስኩ።   አቀበቱ ላይ እንኳ እንደዚያ ትንፋሽ አላጠረኝም።

"ኮች፣ እኔም…" አልኩ። ቀጣዩ ቃል እምቢ አለኝ። "እኔም ማክሰኞ… ሊመጣብኝ ነው። እነዚያ ሁለት ቀኖችም እንደዚያ ሆኜ ነበር።"

 ይቆጣል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"አንቺን በምን ልወቅ?" አለ፤ ድምፁ ውስጥ ያለው ቁጣ አልነበረም፣ ሐዘን ነበር። "አንቺ ሁልጊዜ ማዶ ነሽ። ስጠይቅሽ ደግሞ ምንም ትያለሽ።"

ከዚያ እንደገና መሬት መሬት እያየን ነገረኝ። ይህን ያስተማረችው ድሮ ሯጭ የነበረችው ሚስቱ ናት። የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት ባሉት ቀናት ሰውነት ትንሽ ይሞቃል፣ አንዳንዷ እንቅልፍ ታጣለች፣ የትናንቱ ድካም ቶሎ አይለቃትም። "ሁሏም ላይ አንድ አይደለም" አለኝ። "ምንም የማይሰማት አለች። እንዲያውም በዚያው ቀን ከሁሉም የምትበልጥ ልጅ አሠልጥኛለሁ። ስለዚህ የራስሽን አንቺ ነሽ የምታውቂው፣ እኔ አይደለሁም።"

"እና ማክሰኞ ልቅር?"

"ማን ቅሪ አለሽ?" አሁን የለመድኩት ኮች ተመለሰ። "ሥራ አይቀርም፣ ሥራ ይዞራል። ማክሰኞ አቀበቱን ግማሽ ትሠሪያለሽ፣ በመሃል ትንፋሽሽ እስኪመለስ በእግርሽ ትሄጃለሽ። ማሟሟቂያውን አርዝሚው፣ ወገብሽም ሊላቀቅልሽ ይችላል። ከባዱን ደግሞ ቀለል ሲልሽ እናመጣዋለን፣ ያኔ አታመልጪኝም። እስከዚያው ምግብ ብዪ። ምስር ብዪ፣ ጎመን ብዪ። እናትሽ ከካቺሲ የምትልክልሽ ነገር የለም?"

"ጭኮ አለ" አልኩ። ከአልጋ ሥር መሆኑን አልነገርኩትም።

ማክሰኞ በሁሉም ፊት "የካቺሲዋ፣ አንቺ ዛሬ ከኋላ፣ ግማሹን" ሲለኝ ጆሮዬ ጋለ። ጴንጤዋ ልጅ ከኋላ ስትባል ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። ልጆቹ ሁሉ ዞር ብለው አዩኝ፤ አንዳቸውም አልሳቁም። ሁሉም ያውቁት ኖሯል! የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። በሚቀጥለው ሳምንት የጉደሯ ልጅ ኮችን ለብቻው ስታናግረው አየሁ፤ ምን እንዳለችው አልጠየቅኳትም።

ግን የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ማጣሪያው የተቀጠረበት ቀን ሲነገረን በጣቴ ቆጠርኩ፤ በሚቀጥለው ወር የወር አበባዬ በሚመጣበት ቀን ላይ ወደቀ። ሮጬ ለኮች ነገርኩት፤ አሁን አፌ ተፈቷል። "የክለቡን ቀን ማዞር አልችልም" አለኝ። "ያንቺን ሥራ ግን እችላለሁ።" የወር አበባዬ ከሄደ በኋላ ሰውነቴ ሲነቃ ከባድ ከባዱን ደራረበልኝ። አቀበት ላይ የጊንጪዋን ቦታ ይዤ ከፊት ሮጥኩ። ማጣሪያው ሲቃረብ ደግሞ ቀነሰልኝ፤ ግን አንድም ቀን ቤት አላዋለኝም። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። በየጠዋቱ "ባይጠቅመኝስ?" እያልኩ ነው ጫማዬን የማስረው።

የማጣሪያው ዕለት ጠዋት የወር አበባዬ መጣ፣ ልክ እንደፈራሁት። የስታዲየሙ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ግድግዳውን ይዤ አለቀስኩ። የጊንጪዋ በር ላይ ትጠብቀኝ ነበር። ሐኪሙ ቅልጥሟ ላይ ስንጥቅ እንዳለ ነግሯት እግሯን እያሳረፈች ነው፤ ጭኮዬንም አሁን አብራኝ ትበላለች። "ውጪ" አለችኝ። "አሟሙቂ። ብዙ አሟሙቂ።" ከሌሎቹ ቀድሜ ወጥቼ ወገቤ ላላ እስኪል ሮጥኩ። ሩጫው ሲጀመር ኮች እንዳለኝ ከፊት አልወጣሁም። የፊተኞቹን ተረከዝ ብቻ እያየሁ ቆየሁ። እቆረጣለሁ፣ አሁን እቆረጣለሁ እያልኩ። የመጨረሻው ዙር ላይ ስንደርስ ተረከዙ አሁንም ፊቴ ነው። አልተቆረጥኩም።

ክለቡ አራት ሴቶች ያዘ። አራተኛዋ እኔ ነበርኩ። ስሜ ሲጠራ ያለቀሰችው የጊንጪዋ ናት፤ ለእኔ ይሁን ለራሷ አልጠየቅኳትም። እሷን የሚጠራ አልነበረም። አቅፋኝ "እኔ ከዚህ በኋላ እሮጣለሁ ብለሽ ነው?" አለችኝ።  ያን ጥያቄ ይዤው ሄድኩ፤ በሄድኩበት ከተማም ከማክሰኞ ይበልጥ ያስፈራኝ እሱ ነበር።

በዓመቱ ለዕረፍት አምቦ ስመለስ እሁድ ከድሮ ጓደኞቼ ጋር ሮጥኩ። የጊንጪዋም ነበረች። በሐኪሙ ፈቃድ ቀስ እያለች ጀምራለች፤ ከመጨረሻ ነው የምትሮጠው፣ ጉንጯ ግን ሞላ ብሏል። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ስንደርስ እኔ እንደልማዴ ማዶ ግንዱ ላይ ተቀመጥኩ። ኮች በሩ ላይ ቆሟል። ልጆቹ ነጠላቸውን ለበሱ። እሷም ነጠላዋን ከባጃጁ አወጣች። ወደ በሩ ሄደች፣ በሩ ላይ ቆመች።  ከደጅ ሆና አማተበች፣ ዞረችና መንገዱን ተሻግራ ወደ እኔ መጣች።

ጠጋ ብዬ ቦታ ለቀቅኩላት። ተቀመጠች። "ዛሬ ጠዋት መጣ" አለችኝ፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም። ቀና ስል ኮች ከበሩ እያየን ነበር። ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ጠረገና ከመንገዱ ወዲያ ሆኖ ጮኸ፦

"የጊንጪዋ! ማክሰኞ ግማሹን ብቻ!"